አሸዋው ሳይራገፍ፦ የአርማታ አሸዋና ጠጠርን ሳይት ላይ መፈተሽ

ወሎ ውስጥ ቤት የሚያሠራ ሰው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ሲጨነቅ ይከርማል። ስለ ፌሮው ውፍረትም ሦስት ሰው ያማክራል። አሸዋው ሲመጣ ግን ቀለሙን አይቶ "ጥሩ ነው፣ አራግፈው" ይላል። የአርማታው አብዛኛው ክፍል፣ ወደ ሦስት አራተኛው የሚጠጋው፣ አሸዋና ጠጠር መሆኑን ያኔ ማንም አያስታውሰውም።

ቀለም ደግሞ እኛ አገር ክፉኛ ያታልላል። የወሎ ተራራ በአብዛኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት። ከእሱ ተሰባብሮ በየወንዙ የሚወርደው አሸዋም ጥቁር ወይም ጥቁር ግራጫ ቢሆን አይገርምም። ጥቁር ስለሆነ ቆሻሻ ነው ማለት አይደለም። ነጣ ያለው አሸዋ ደግሞ አንዳንዴ በጣት የሚፈረከስ ቀላል ፍሬ የሞላበት ይሆናል። ስለዚህ ዓይናችሁን ለጊዜው ተዉትና አንድ ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ትንሽ ጨው፣ ማስመሪያ፣ ቁራጭ የወባ ትንኝ መከላከያ የመስኮት ሽቦና አንድ የቀለም ባልዲ አዘጋጁ። ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ እያየን እንሂድ። ቦታው ኮምቦልቻ ነው፤ ጂ ፕላስ ዋን ቤት፣ ሶሌታው ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ወሩ ጥቅምት ነው። የሐምሌና የነሐሴ ጎርፍ ወንዙን ሞልቶ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ የሚጫነው አሸዋም ያ ጎርፍ ያመጣው ነው። ጎርፍ ሲያልፍ ውሃው እየረጋ ሲሄድ መጀመሪያ የሚቀመጠው አሸዋው፣ መጨረሻ የሚቀመጠው ጭቃው ነው። ስለዚህ ከላይ ስስ የደለል ሽፋን ይተኛል። ጫኚዎቹ ይህን ሽፋን ገፍተው ካልጣሉት ከአሸዋው ጋር ተዛንቆ ይመጣል።

1. ናሙናውን በትክክል ውሰዱ

መጀመሪያ ከሻጩ ክምር ላይ ቀድማችሁ ናሙና ውሰዱ። ደለሉን የምንለካበት፣ ወደ ታች የምናየው የጠርሙስ ፈተና ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ሹፌሩ ሦስት ሰዓት አይጠብቃችሁም፤ ቢጠብቅም እየተነጫነጨ ነው። የቀን ልዩነት ካላችሁ ግን ተረጋግታችሁ ትፈትሹና ውጤቱን ይዛችሁ ትነጋገራላችሁ።

ከላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ መሄድ ናሙና አይባልም። ከክምሩ አምስት ስድስት ቦታ፣ ከላይም ከመሃልም ከሥርም፣ በየአንዳንዱ አንድ ስንዝር ያህል ገባ ብላችሁ አንድ አንድ አካፋ ውሰዱ። ሸራ ላይ አፍስሳችሁ በደንብ ቀላቅሉት። ከዚያ ጠፍጠፍ አድርጋችሁ እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ክፈሉት። ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ጣሉ፣ የቀሩትን እንደገና ቀላቅላችሁ ክፈሉ። አንድ ባልዲ ያህል ሲቀር በቂ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው የሚፈትሸው አሸዋውን ሳይሆን ዕድሉን ነው።

መኪናው የመጣ ዕለት ደግሞ ከመራገፉ በፊት የካሶኒውን ጥግና ሥሩን እዩ። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ውሃውና ደቃቁ ወደ ታች ይወርዳል። ሥሩ ከላዩ ይልቅ ጭቃማ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

2. የእጅ ፈተና

ይህ ለመኪናው በር ላይ የሚሆን ፈጣን ፈተና ነው። እርጥብ አሸዋ ዘግናችሁ ጨብጡት፣ ከዚያ እጃችሁን ክፈቱ። ንጹህ አሸዋ ወዲያው ይፈርሳል፣ መዳፍም ላይ ብዙ ነገር አይተውም። ጭቃ ያለበት ጭብጥ እንዳለ ይቆያል፣ መዳፋችሁንም ይቀባዋል። ደረቅ ከሆነ በሁለት መዳፍ መሃል አሹት፤ ዱቄት የመሰለ ነገር ከተለጠፈባችሁ ተጠራጠሩ።

ሹፌሩ "አብሽር ጋሼ፣ የወንዝ አሸዋ እኮ ነው፤ ውሃ አጥቦ ነው ያመጣው" ሊላችሁ ይችላል። ግማሹ እውነት ነው። ጭቃውንም ያመጣው ያው ውሃ ነው።

በዚያው አሽትቱት። የበሰበሰ ሽታ ካለው፣ ሥራሥር ወይም የከብት እዳሪ ከታየበት፣ ከተማ አቋርጦ ቆሻሻ ተሸክሞ ከሚሄድ ወንዝ የመጣ ከሆነም ተዉት። እንዲህ ያለ ነገር ሲሚንቶው በጊዜው እንዳይጠነክር ያደርጋል፤ ጠርሙሱም ሁልጊዜ አያሳየውም።

3. የጠርሙስ ፈተና

ዋናው ይህ ነው። ቀጥ ያለ፣ ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ቁመቱ ከ15 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ብርጭቆ ጠርሙስ ፈልጉ። ሃይላንድ ብቻ ካላችሁም ይሠራል፤ ነገር ግን ወገቡ ያልተሸበሸበውን ምረጡ፣ የሥሩም ጉብታ ንባቡን ትንሽ እንደሚያዛባው እወቁ።

በግማሽ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። ጨው የምንጨምረው ሸክላው እርስ በርሱ ተያይዞ ቶሎ እንዲወርድ ነው። ያለ ጨው ደቃቁ ሸክላ ውሃው ላይ እንደተንሳፈፈ ሊያድር ይችላል፤ እናንተም ያልወረደውን ሳትቆጥሩ ታልፋላችሁ።

ጠርሙሱ ውስጥ መጀመሪያ ጥቂት የጨው ውሃ አድርጉ። አሸዋውን ጨምሩበት፣ እስከ 9 ሳንቲ ሜትር ያህል። ከዚያ ውሃው ከአሸዋው በላይ አራት አምስት ሳንቲ እስኪቆም ሙሉት። ክዳኑን ዘግታችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ በኃይል ናጡት። ፍሬው ላይ የተጣበቀው ጭቃ መላቀቅ አለበት። በመጨረሻ ላዩ እንዲስተካከል ጎኑን መታ መታ አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ በኋላ እንዳትነኩት። ሦስት ሰዓት ይቀመጥ።

አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሥር ይተኛል። ደለሉ ቀስ እያለ በላዩ ላይ ይነጠፋል። ሲረጋ ሁለት ንጣፍ ታያላችሁ። ከታች ፍሬው በዓይን የሚለይ አሸዋ አለ። ከላይ ደግሞ ፍሬ የማይታይበት፣ እንደ ገንፎ የለሰለሰ ነገር ይኖራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ድንበሩ ላይ ነው። ደቃቅ አሸዋን ከደለል ጋር አትቁጠሩት። በዓይን ፍሬ ፍሬው የሚለይ እስከሆነ ድረስ አሸዋ ነው። ድንበሩን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉና በማስመሪያ ለኩ።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የደለሉን ቁመት ለአሸዋው ቁመት አካፍላችሁ በመቶ ታባዛላችሁ።

በምሳሌያችን ቤት ከክምሩ የተወሰደው ናሙና አሸዋው 9 ሳንቲ፣ ደለሉ 0.9 ሳንቲ ሆኖ ወጣ። 10 በመቶ ማለት ነው። የኢትዮጵያ ስታንዳርድ ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ ይላል። ስለዚህ ይህ አሸዋ እንዳለ አይገባም። ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ብትሠሩ ጥሩ ነው። የሁለቱ ውጤት በጣም ከተራራቀ ችግሩ ናሙናው አልተቀላቀለም ማለት ነው፤ ወደ አንደኛው እርምጃ ተመለሱ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ጠርሙሱ የሚለካው በይዘት እንጂ በክብደት አይደለም። ደለሉ ሲረጋ ልል ስለሚሆን በሚዛን ከሚወጣው በለጥ ብሎ ይታያል። በዚህ ምክንያት 6.5 ሲወጣ መኪና አትመልሱ፤ ፈተናውን ድገሙት። 10 እና 12 ሲወጣ ግን ሚዛንም አያድነውም።

ደለሉ ምን ያደርጋል? ፍሬውን በስስ ጭቃ ይሸፍነዋል። ሲሚንቶው አሸዋውን ሳይሆን ጭቃውን ይይዛል። ደቃቁ ውሃም ይጠጣል፤ ሠራተኛው ድብልቁ ሲደርቅበት ተጨማሪ ውሃ ያፈስበታል። ያ ትርፍ ውሃ ጥንካሬውን ይበላዋል፣ ሲደርቅም ይሰነጣጥቃል። የእኛ ዋልካ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ዋልካ ውሃ ሲያገኝ የሚነፋ፣ ሲደርቅ የሚኮማተር አፈር ነው፤ ይህንን የዝናብ ወር ላይ ያረሰ ሁሉ ያውቀዋል።

4. ካላለፈ፦ ማጠብ

መመለስ ከተቻለ መመለስ ይቀላል። ካልተቻለ ይታጠባል። ለሁለት የተቆረጠ በርሜል ወይም ትልቅ ገንዳ ውስጥ አሸዋውን እስከ ግማሽ አድርጉ፣ ውሃ ሙሉበት፣ በአካፋ አማስሉት። ግማሽ ደቂቃ ያህል ጠብቁና የደፈረሰውን ውሃ ከላይ አፍስሱ። ውሃው ጠራ እስኪል ሁለት ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ አይቻልም፤ እዚያው ወንዝ ዳር አሳጥቦ መጫን ይሻላል። ያንን ግን ከሻጩ ጋር ቀድሞ በዋጋ መነጋገር ነው።

የምሳሌያችን አሸዋ ታጥቦ በጠርሙስ ሲታይ አሸዋው 9 ሳንቲ፣ ደለሉ 0.3 ሆነ። ወደ 3.3 በመቶ ወረደ። አለፈ። ግን ማጠብ ደለሉን ሲያስወግድ ደቃቁን አሸዋም ትንሽ ይወስዳል። ስለዚህ የፍሬው መጠን ከታጠበ በኋላ እንጂ በፊት አይፈተሽም።

5. የፍሬው መጠን

ጥሩ የአርማታ አሸዋ አንድ ዓይነት ፍሬ ብቻ አይደለም። ወፍራሙ፣ መካከለኛውና ደቃቁ ተሰባጥረው ሲገኙ ትንሹ የትልቁን ክፍተት ይሞላል፤ ለሲሚንቶው የሚቀረው ክፍተት ያንሳል። ላብራቶሪ ይህን በስድስት ሰባት ወንፊት ይለየዋል። ሳይት ላይ ሁለት ይበቃናል።

አንደኛው 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሽቦ ነው። በዚህ ያላለፈው ጠጠር እንጂ አሸዋ አይደለም። ከአሥር ጣሳ ግማሽ ጣሳ ቢቀር ችግር የለውም። ከዚያ ከበለጠ አሸዋው በሙሉ በዚህ ሽቦ ይነፋ።

ሁለተኛው የመስኮቱ የትንኝ ሽቦ ነው። በ10 ሳንቲ ርዝመት ውስጥ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ከ63 እስከ 70 ከሆኑ አንዱ ቀዳዳ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ ይህ ላብራቶሪው ከሚጠቀምባቸው ወንፊቶች አንዱ ጋር ይቀራረባል። በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥራችሁ ምቱት። ያረጀና የተሳሳበ ሽቦ አይሆንም።

አሸዋው ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ከሆነ ፍሬዎቹ ተያይዘው ሳያልፉ ይቀራሉ፤ እናንተም ወፍራም ነው ብላችሁ ትሳሳታላችሁ። ፀሐይ ላይ አስጡት ወይም ብረት ምጣድ ላይ አመሱት። ከዚያ አሥር ጣሳ ንፉ። ያለፈውንም የቀረውንም ለየብቻ በዚያው ጣሳ ስፈሩ። የሁለቱ ድምር ከአሥር ቢበልጥ አትደንግጡ፤ ሲለያዩ እያንዳንዱ ላላ ብሎ ስለሚሰፈር ነው። ያለፈውን ለድምሩ አካፍሉ። ከ50 እስከ 85 በመቶ ያለፈ እንደሆነ መልካም ነው። ከ85 ከበለጠ አሸዋው ደቃቅ ነው፣ ከ50 ካነሰ ሸካራ ነው።

የታጠበው አሸዋ ሲነፋ 9 ጣሳ አለፈ፣ 1 ተኩል ቀረ። 9 ለ10.5 ሲካፈል ወደ 86 በመቶ ነው። ለልስን ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሶሌታ ግን አፋፍ ላይ ነው። ደቃቅ አሸዋ ብዙ ገላ አለው፤ ያንን ገላ ሁሉ ለመሸፈን ሲሚንቶም ውሃም ይበዛል። መፍትሔው ሸካራ አሸዋ ፈልጎ መቀላቀል ነው።

ሸካራውን የት ታገኙታላችሁ? ወንዝ ከተራራው እንደወጣ ኃይሉ ስለሚቀንስ መጀመሪያ ድንጋዩንና ሸካራውን ይጥላል፣ ደቃቁን ወደ ሜዳው ይዞ ይወርዳል። ቆቦ ሜዳ ላይ ጎሊናንና ሆርማትን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ከተራራው ሥር ቋጥኝና ሸካራ አሸዋ፣ ወደ ሜዳው ሲገባ ደቃቅ። ስለዚህ ሻጩን "ከየትኛው ወንዝ?" ብቻ ሳይሆን "ከወንዙ የትኛው ክፍል?" ብላችሁ ጠይቁት።

በምሳሌያችን ከላይኛው የወንዝ ክፍል የመጣ ሌላ አሸዋ ተፈተሸ። 4 ጣሳ አለፈ፣ 6 ተኩል ቀረ፤ ወደ 38 በመቶ። እሱም ብቻውን አይሆንም። ሁለቱ እኩል በእኩል ቢቀላቀሉ ያለፈው 13፣ የቀረው 8 ይሆናል። 13 ለ21 ሲካፈል 62 በመቶ ነው፤ መሃል ላይ ገባ። ስለዚህ በሳጥን ሲሰፈር ለአንድ ሲሚንቶ ሁለት ሳጥን አሸዋ የሚገባ ከሆነ አንዱ ሳጥን ከዚህኛው፣ አንዱ ከዚያኛው ይሆናል። ሠራተኛው አይሳሳትም፣ ፎርማኑም ቆጥሮ ይይዘዋል። ሸካራውም የራሱን የጠርሙስ ፈተና ማለፍ አለበት፤ "ሸካራ ስለሆነ ንጹህ ነው" ብላችሁ አትለፉት።

6. ጠጠሩ

ጠጠር ላይ መጀመሪያ የምናየው ትልቁን ድንጋይ ነው። ሦስት ልኬት አስታውሱ። ትልቁ ጠጠር ከሶሌታው ውፍረት ሲሶ አይበልጥ። ከካሳፎርማው ጠባብ ጎን አንድ አምስተኛ አይበልጥ። በፌሮዎቹ መሃል ካለው ክፍተት ደግሞ ከሦስት አራተኛው አይበልጥ። የሶሌታው የላይኛ ሙሊት 6 ሳንቲ ከሆነ ትልቁ ጠጠር 2 ሳንቲ ነው። ቀላሉ መንገድ ከክምሩ ትልልቆቹን ለቅሞ የታሰረው ፌሮ ጋ ይዞ መሄድ ነው። በፌሮዎቹ መሃል እየታሸ የሚያልፍ ድንጋይ ካለ ሲሞላ እዚያው ይሰነቀራል፤ ከሥሩም ባዶ ኪስ ይቀራል።

ቀጥሎ ቅርጹ ነው። በመዶሻ የተፈለጠ ጠጠር ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ይበዛበታል። እንዳያችሁ መቶ ፍሬ ሳትመርጡ ቁጠሩ። ውፍረታቸው ከስፋታቸው ግማሽ የማይሞላውን ለዩ። ከሲሶ በላይ ከሆኑ ሌላ ጠጠር ፈልጉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞ ከሥሩ ውሃና አየር ያቁራል።

ጥንካሬውን መዶሻ ይነግራችኋል። ጤናማ ባዛልት ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ ስብራቱም ስለታም ነው። የተበላው ድንጋይ ድምፁ ድፍን ነው፤ ዳሩ ቡናማ ሆኖ በምስማር ይፋቃል። ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነውን፣ ቀዳዳውም በነጭ ነገር የተሞላውን ለይታችሁ ለባለሙያ አሳዩት። ጥቂት ፍሬ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት ምቱት፤ ደርቆ ጠንካራ የመሰለው ረጥቦ ሲፈረከስ ታዩታላችሁ። በነገራችን ላይ ደላንታ ወገል ጤና ላይ የሚወጣው ኦፓል ለቀለበት እንጂ ለአርማታ አይሆንም። ኦፓል መሰል ማዕድን የበዛበት ድንጋይ በሲሚንቶው ውስጥ ካለው አልካሊ ጋር ተዋህዶ ከዓመታት በኋላ ያብጣል፣ አርማታውንም ይሰነጥቃል። ይህንን መዶሻም ጠርሙስም አያሳይም፤ ትልቅ ሥራ ከሆነ ላብራቶሪ ይላክ።

አቧራውንም እዩ። አንድ እፍኝ ጠጠር ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡ። ውሃው ጭቃ ከመሰለ ከመሞላቱ በፊት በውሃ ይታጠብ።

የመጨረሻው የባልዲ ፈተና ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ ሲሚንቶ የሚያድነው እሱ ነው። ጠጠሩን አርጥባችሁ ውሃውን አንጠፍጥፉ። 20 ሊትር የቀለም ባልዲ በጠጠር እስከ አፉ ሙሉ፣ ላዩን አስተካክሉ። ከዚያ በሊትር እየለካችሁ አፉ እስኪደርስ ውሃ አፍስሱ። የገባው ውሃ በጠጠሮቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ነው፤ ያንን ባዶ ቦታ ሲሚንቶና አሸዋ መሙላት አለባቸው። ዜሮ ሁለት የሚባለው ትልቁ ጠጠር ብቻውን ሲሞላ 9.5 ሊትር ውሃ ወሰደ። ሁለት እጅ ዜሮ ሁለት፣ አንድ እጅ ደግሞ ትንሹ ዜሮ አንድ ተቀላቅሎ ሲሞላ 8.5 ሊትር ብቻ ወሰደ። ትንሹ የትልቁን ክፍተት ያዘ ማለት ነው። ቅልቅሉን እየለዋወጣችሁ ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ፣ ትንሽ ውሃ የወሰደውን ምረጡ።

7. የተከማቸበት ቦታ

ፈተናውን ያለፈ አሸዋ ጊቢ ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። መሬቱ ዋልካ ከሆነ ክምሩ የሚወድቅበትን ቦታ በሸራ፣ በላሜራ ወይም በስስ ማግሮ ሸፍኑ። አሸዋና ጠጠሩ እንዳይቀላቀሉ በመሃላቸው ግንብ ወይም ጣውላ ይቁም። ከሥሩ ምንም ካልተነጠፈ ደግሞ የክምሩን የመጨረሻ አንድ ስንዝር ለአርማታ አትጫኑት። አካፋው መሬቱን ሲነካ የሚያነሳው አፈር ነው። ያ ቅሪት ለወለል ሥር መሙያ ይሆናል።